ለትንሽ ሱቅ የሚሆን የቤንዚን ጀነሬተር፦ መጠኑ፣ ቦታውና ነዳጁ

ጥያቄ፦ «ሱቄ ውስጥ አንድ ባለመስታወት የመጠጥ ፍሪጅ፣ አንድ ዲፕ ፍሪዘር፣ ስድስት የኤልኢዲ መብራት፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሌዘር ፕሪንተር አሉኝ። ሻጩ 2.5 ኪሎዋት ይበቃሃል ይለኛል፤ ወዳጄ ደግሞ 6.5 ኬቪኤ ካልገዛህ ትጸጸታለህ ይላል። ጀነሬተሩን ከኋላ ባለችው መጋዘን ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ ላስቀምጠው አስቤያለሁ። ቤንዚኑንም እዚያው ሁለት ሦስት ጄሪካን ባኖር ችግር አለው?»

ምላሽ፦

ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም አልቀበልም። ለዘረዘሯቸው ዕቃዎች እኔ የምመርጠው ያለማቋረጥ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ ሱቅዎ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ከሆነ ደግሞ 4 ኪሎዋት የሚሰጥ ጀነሬተር ነው። መጋዘኗ ውስጥ ግን ምንም ዓይነት ጀነሬተር፣ መስኮቷ ቢከፈትም በሯ ቢነቀልም፣ መሥራት የለበትም፤ ቤንዚኑም እዚያ ማደር የለበትም። መጠኑን አስቀድሜ የማነሣው ሻጮች ስለሚያስቀድሙት አይደለም። የሞተሩ መጠን በየሰዓቱ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈልግዎ፣ ስለዚህም ምን ያህል ቤንዚን ማስቀመጥ እንዳለብዎ ስለሚወስን ነው።

በመጀመሪያ ሻጩ የነገረዎትን ቁጥር እንመልከት። ጀነሬተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የኃይል ቁጥሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው ከፍተኛው ኃይል ሲሆን ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ነው፤ ሁለተኛው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። 2.5 ኪሎዋት የተባለው ጀነሬተር ያለማቋረጥ የሚሰጠው 2.2 ኪሎዋት ብቻ ሆኖ ቢገኝ አይግረምዎ። እንግዲህ ሒሳብ የሚሠራው በትንሹ ቁጥር ነው። የወዳጅዎ ቁጥር ደግሞ በኬቪኤ የተነገረ ስለሆነ በቀጥታ ከኪሎዋት ጋር አይነጻጸርም፤ ሰሌዳው ላይ ኮሳይን ፋይ፣ ማለትም ከኬቪኤው ስንት እጁ ኪሎዋት እንደሚሆን የሚነግረው ቁጥር፣ 0.8 ተብሎ ከተጻፈ 6.5 ኬቪኤ ማለት 5.2 ኪሎዋት ነው፤ 1 ተብሎ ከተጻፈ ግን ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ። የእርስዎን ዕቃዎች ሰሌዳ ስላላየሁ ለዚህ ዓይነት ሱቅ የተለመዱ ቁጥሮችን እወስዳለሁ፤ እርስዎ ከየዕቃው ጀርባ ያለውን አምፒር አንብበው በ220 ቮልት እያባዙ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። ፍሪዘሩ ሲሠራ 250 ዋት፣ የመጠጥ ፍሪጁ 450 ዋት፣ ስድስቱ መብራቶች በድምሩ 72 ዋት፣ ኮምፒውተሩ ከነስክሪኑ 150 ዋት፣ ፕሪንተሩ እያተመ ሳለ በአማካይ 600 ዋት ይወስዳሉ እንበል። ድምሩ 1,522 ዋት ነው። ሻጩ 2.5 ይበቃል ያለው ይህንን ድምር ብቻ አይቶ ይመስለኛል፤ እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም።

ስሕተቱ ያለው ኮምፕሬሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ላይ ነው። ቆሞ የነበረ ኮምፕሬሰር ለመዞር ሲነሣ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሥራ ላይ ሲሆን ከሚወስደው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ኮረንቲ ይስባል። ከዚህ ኮረንቲ ውስጥ ግን ብዙው የኮምፕሬሰሩን ጥቅል መግነጢስ ለማድረግ የሚመላለስ እንጂ በቀጥታ ሥራ የሚሠራ አይደለም፤ ስለዚህ የጀነሬተሩ ሞተር የሚሰማው ሸክም ወደ ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ኮረንቲ የሚያመነጨው ክፍል፣ ማለትም አልተርኔተሩ፣ የሚሰማው ግን ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። በስልት ስንሠራ ለኃይል ስሌት ሦስት እጥፍን እንወስድና ለአልተርኔተሩ የሚተርፍ ቦታ እንተውለታለን። ሁሉም ዕቃ እየሠራ ሳለ የመጠጥ ፍሪጁ ቢነሣ፣ 450ው ወደ 1,350 ይወጣና ድምሩ 2,422 ዋት ይሆናል። ሁለቱም ኮምፕሬሰሮች በአንድ ቅጽበት ቢነሡ ደግሞ 2,922 ዋት ይደርሳል። ያለማቋረጥ 2.2 ኪሎዋት ለሚሰጠው ጀነሬተር የመጀመሪያው ሁኔታም ከአቅሙ በላይ ነው።

በ2,422 ላይ 20 ከመቶ መጠባበቂያ ስንጨምር 2.9 ኪሎዋት እናገኛለን፤ 3 እና 3.5 ያልኩት ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ግን ጀነሬተሩ በባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ሲሠራ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ኃይሉም በየ300 ሜትሩ በ3.5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ2,000 ሜትር ላይ ይህ 23 ከመቶ ይሆናል፤ የሻጩ 2.2 ኪሎዋት ወደ 1.7 ይወርዳል፣ የሚያስፈልገን 2.9 ደግሞ በሰሌዳ ላይ 3.8 የተጻፈበትን ጀነሬተር ይጠይቃል። ከፍታ ሌላም ነገር ያስከትላል፦ ጂክለር የሚባለው የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ቆየት ብዬ የማነሣው መርዘኛ ጋዝም ይበዛል። ለከፍታው የሚስማማ አነስ ያለ ጂክለር እንዲገባለት ባለሙያ ይጠይቁ፤ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ባይመልሰውም ይህን ሁሉ ያቃልላል።

ታዲያ ለምን በወዳጅዎ ምክር 6.5 ገዝተው አይገላገሉም? ምክንያቱም ሱቅዎ አብዛኛውን ሰዓት 1,522 ዋት እንኳ አይወስድም። ኮምፕሬሰሮቹ ከጊዜው ግማሽ ያህሉን ጠፍተው የሚያርፉ፣ ፕሪንተሩም የሚያትመው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ አማካዩ ከ600 እስከ 700 ዋት ነው። ባለ 5.2 ኪሎዋት ሞተር ይህን ሸክም ይዞም ትልቅ ሲሊንደሩን በሙሉ ፍጥነት ማሽከርከር አለበትና በሰዓት 1.5 ሊትር አካባቢ ይጨርሳል፤ የ3 ኪሎዋቱ ለዚሁ ሥራ ወደ 1 ሊትር ይበቃዋል። ለስድስት ሰዓት 9 ሊትርና 6 ሊትር ማለት ነው። ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሱቅዎ አካባቢ ማኖር የሚገባዎ ቤንዚን በአንድ ተኩል እጥፍ አደገ ማለት ነው።

መጠኑ በቂ መሆን አለመሆኑን ከወረቀት ይልቅ በጆሮና በቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል። ጀነሬተሩን አስነሥተው ሦስት ደቂቃ ካሞቁት በኋላ በመጀመሪያ ትልቁን ኮምፕሬሰር፣ ማለትም የመጠጥ ፍሪጁን፣ ብቻውን ይሰኩ፤ ሲረጋጋ ፍሪዘሩን፣ ከዚያ መብራቱን፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ያስከትሉ። ቴስተሩ ሶኬት ላይ ሆኖ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ቮልቱ ለቅጽበት ወርዶ ወዲያው ወደ 220 አካባቢ ቢመለስ ጤናማ ነው። ቮልቱ ከ180 በታች ወርዶ ቢዘገይ፣ ፍሪጁ ለጥቂት ሰከንድ «እምም» ብሎ ሳይነሣ ቆይቶ «ጠቅ» ቢልና ዝም ቢል፣ ከደቂቃዎች በኋላም ያንኑ ቢደግም፣ ጠቅታው የኮምፕሬሰሩ መከላከያ ራሱን የቆረጠበት ድምፅ ነው። ጀነሬተሩ አልቻለውም ማለት ነውና ደጋግመው አይሞክሩ፤ የኮምፕሬሰሩ ጥቅል የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ተደጋጋሚ ሙከራ ነው። ገና የጠፋ ኮምፕሬሰርም ውስጡ ያለው ግፊት እስኪስተካከል አምስት ደቂቃ ያህል ሳያርፍ ቢነሣ እንደዚሁ ያጉረመርማልና ሁለቱን አያምታቷቸው። በነገራችን ላይ ባዶውን የሚዞር ተራ ጀነሬተር በ50 ፈንታ 52 ወይም 53 ሄርዝ ቢያሳይ ብልሽት አይደለም፤ ሸክም ሲይዝ ይወርዳል።

አሁን ወደ መጋዘኗ። ይህን ክፍል በዝርዝር የምጽፈው «መስኮት ከፍቼ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ስለምሰማና ከጀርባው ያለውን ሒሳብ የሚያሳይ ሰው እምብዛም ስለማላገኝ ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ አለ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሔሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ካርቡሬተር ያለው አነስተኛ ጀነሬተር በሰዓት ግማሽ ኪሎ፣ ማለትም 500 ግራም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል ብለን እንነሣ፤ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም፣ ከዚህ በእጅጉ የሚበልጡ አሉ።

መጋዘንዎ 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ከፍታዋም 3 ሜትር ብትሆን 60 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። በየደቂቃው 8.3 ግራም ጋዝ ሲገባባት አየሩ ውስጥ ያለው መጠን በየደቂቃው በ120 ፒፒኤም ገደማ ያድጋል፤ ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን ክፍል አንዱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ብሎ የመደበው መጠን 1,200 ፒፒኤም ነው። በተዘጋች መጋዘን ውስጥ እዚያ የሚደረሰው በአሥር ደቂቃ ነው።

መስኮቱ ቢከፈትስ? የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ለአንድ ሰዓት ቢተነፍሰው ብሎ ያስቀመጠው ወሰን በሜትር ኩብ 35 ሚሊግራም ነው። 500 ግራሙን እስከዚህ ወሰን ለማቅጠን በሰዓት ከ14,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የመጋዘኗ አየር በየደቂቃው አራት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን አንድ መስኮት ለዚህ ቅርብ እንኳ አይደርስም። በግድግዳ ላይ የሚገጠም የተለመደ አየር ማውጫ ፋን በሰዓት የሚያወጣው ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ አካባቢ ነው፤ ፋን ልጨምር ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። ነፋሱ ሲገለበጥ ደግሞ ያው መስኮት ጭሱን ወደ ሱቁ የሚገፋ በር ይሆናል።

ቧንቧ ቀጥሎ ጭሱን ወደ ውጭ ማውጣትም አንዳንዶች የሚያቀርቡት መፍትሔ ነው። ለዚያ ተብለው ለተሠሩ ትልልቅ ቋሚ ማሽኖች የሚሆነው ለተንቀሳቃሽ የቤንዚን ጀነሬተር አይሆንም። ማርሚታው ላይ የተበየደ ረጅም ቧንቧ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ማሽኑ ደግሞ ያለማቋረጥ ስለሚንቀጠቀጥ መጋጠሚያው ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ዓይን ሳያየው ያፈሳል። በዚያ ላይ የቤንዚኑ ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ይግላል።

አንድ ያየሁትን ልጥቀስ። የአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ባለቤት ጀነሬተሩ ውጭ ነው፣ እኔ ጥንቃቄ አደርጋለሁ አለኝ፤ እውነትም ውጭ ነበር። ነገር ግን ከሱቁ የኋላ መስኮት ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ባለ ጣሪያ በለበሰ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቆሞ፣ ማርሚታው ወደ ግድግዳው ዞሯል። አንዲት ሠራተኛ መብራት በሄደበት ምሽት ሁሉ ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ይተዋታል። ሁሉም ድካም ነው ብለው ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ጀነሬተሩን ስናስነሣ መሣሪያው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ። ጀነሬተሩ ወደ ግቢው ጥግ ሲዛወርና ጭሱ ወደ ሜዳው ሲዞር ራስ ምታቱም አብሮ ሄደ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጀነሬተር ሲሠራ የሚመጣ፣ ወደ ንጹሕ አየር ሲወጡ የሚቀል፣ ከአንድ በላይ ሰው አብሮ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ጀነሬተሩ ከውጭ በኩል መድረስ ከተቻለ ይጥፋ፣ የደከመ ሰው ካለ ቢሻለውም ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ በግማሽ እንኳ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስድበታልና።

ስለዚህ የጀነሬተሩ ቦታ ደጅ ነው፤ ከሱቅዎም ከጎረቤትዎም በሮች፣ መስኮቶችና የአየር መግቢያዎች ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ማርሚታው ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ። ዝናብ የሚያሠጋ ከሆነ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ከፍ ያለ ጣሪያ ይበቃዋል። ግድግዳ አይጨምሩበት፤ ሌባ ከፈሩ በሰንሰለት ከሲሚንቶ ወለል ጋር ይሰሩት ወይም አየር በነጻ የሚያልፍበት የብረት ፍርግርግ ያድርጉለት። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ካርቶን፣ ደረቅ ሣርና የፕላስቲክ ሸራ አይጠጉት። 6 ሜትር የሚያህል ደጅ ጭራሽ ከሌለዎ እውነቱን ልንገርዎ፦ ይህ ሱቅ የቤንዚን ጀነሬተር የሚሠራበት ቦታ አይደለም፤ ገንዘቡን ባትሪና ኢንቨርተር ላይ ያውሉት።

ርቀቱ ገመድ ይጠይቃል። ለዚህ ሸክም ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ሦስት ሽቦ ያለውና ለደጅ የሚሆን የጎማ ሽፋን የለበሰ ገመድ ለ15 ሜትር ያህል ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይሥራ እንጂ ተጠቅልሎ አይተው፣ ሲጠቀለል ይግላል። ወደ ቤቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይድፈኑት፤ ለገመድ ተብሎ ገርበብ ያለ መስኮት ጭሱም የሚገባበት ነው። ከሱቁ መስመር ጋር የሚገናኘው ደግሞ በማዞሪያ ማብሪያ ብቻ ነው፤ ይህ ማብሪያ ሱቁን ወይ ከቆጣሪው ወይ ከጀነሬተሩ ጋር ብቻ ያገናኛል፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማገናኘት አይችልም። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርተው ሶኬት ላይ የሚሰኩ አሉ። እንዲህ ሲደረግ የእርስዎ ጀነሬተር በትራንስፎርመሩ በኩል ወደኋላ ከፍተኛ ቮልት ይልካል፤ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሞተ መስመር መስሎት ይነካዋል። ማብሪያውንና የምድር ሽቦውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይግጠምልዎ።

ወደ ቤንዚኑ ስመጣ፣ ሁለት ሦስት ጄሪካን ያሉት 20 ሊትር የሚይዘውን ከሆነ እስከ 60 ሊትር ማለትዎ ነው። ትክክለኛ መጠን ያለው ጀነሬተር ከገዙ ይህን ያህል አያስፈልግዎትም። በሰዓት 1 ሊትር የሚጨርስ ሞተር 15 ሊትር የሚይዝ የራሱ ታንክ ካለው፣ ለአሥራ አምስት ሰዓት ያህል የሚበቃው ታንኩ ውስጥ ነው። ይህንንም መቀነስ ይቻላል፦ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ ብቻ የያዘው ደግሞ አንድ ቀን ያህል በረዶውን ይዞ ይቆያል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተሩን ለፍሪዘሩ ብለው ቀኑን ሙሉ ማዞር የለብዎትም። ከታንኩ ሌላ አንድ ባለ 10 ሊትር መጠባበቂያ ይበቃዎታል። ያለ ልዩ ፈቃድ ማስቀመጥ የሚቻለውን መጠን የአካባቢዎን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ የተከራዩት ቤት ከሆነ ውልዎንም ይመልከቱ።

መጋዘን ውስጥ አይደር ያልኩበት ምክንያት ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ቢሆን በእሳት የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ትነቱ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውኃ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል። ከፍ ብሎ የተሠራ መስኮት ለዚህ አንዳች አይጠቅምም። በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ሲደርስ የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተን ከ10 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ለዚህ ያበቃል። አሁን የመጠጥ ፍሪጅዎን ጀርባ ያስታውሱ፦ ኮምፕሬሰሩ ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ማስነሻው ጠቅ ባለ ቁጥርም ትንሽ ብልጭታ አለው። ክዳኑ ያልጠበቀ ጄሪካን ከመጋዘን በበሩ ሥር በኩል ትነቱን እስከዚያ ድረስ ይልካል። ብልጭታ ለመፍጠር ክብሪት የሚጭር ሰው አያስፈልግም።

ማስቀመጫው ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ የብረት ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ጄሪካን፣ ጎማው ያልተጎዳ ክዳን ያለው ይሁን፤ የዘይት ወይም የውኃ ጄሪካን ከጊዜ በኋላ ያብጣል፣ ክዳኑም ትነት አይዝም። እስከ አፉ አይሙሉት። ቤንዚን በየአንድ ዲግሪው በሺህ አንድ ያህል ስለሚሰፋ፣ ጠዋት በብርድ የተሞላ 10 ሊትር ከሰዓት በ25 ዲግሪ ቢሞቅ ሩብ ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ማደያ ላይ ሲያስሞሉ ጄሪካኑን ከመኪና አውርደው መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ በመኪናው ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ላይ ሆኖ ሲሞላ የማይንቀሳቀስ ኮረንቲ ይጠራቀምበታል። የሚያድርበት ቦታ ደግሞ ደጅ፣ በጥላ፣ ከጀነሬተሩም ከጋዝ ሲሊንደርም የራቀ፣ ከታችም ከላይም አየር ማስገቢያ ያለው፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ነው። የገዙበትን ቀን ጻፉበትና ከሦስት ወር በፊት ተጠቅመው ይተኩት፤ ያረጀ ቤንዚን ካርቡሬተሩን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍናል።

አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነዳጅ ሲጨመር ነው፤ ደንበኛ እየጠበቀ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሞተሩ ገና ግሎ ሳለ ማለት ነው። ማርሚታው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ለመቀጣጠል ብልጭታ አይጠብቅም። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ዕቃዎቹን ከጀነሬተሩ ያላቁ፣ ሞተሩ ባዶውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ዞሮ ይቀዝቅዝ፣ ያጥፉት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በጄሪካኑ የራሱ ማፍሰሻ ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ታንኩም እስከ አፉ አይሞላ። የፈሰሰ ካለ ጠርገው እስኪተን ሳይጠብቁ አያስነሡ። እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው ታንኩን ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ በቀን ብርሃን እንዲሞሉ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ማታ በባትሪ ብርሃን የመሙላት ጣጣ አይመጣም። ለቤንዚን እሳት የሚሆን 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ይኑርዎ፤ ከጀነሬተሩ አጠገብ ሳይሆን ወደ ጀነሬተሩ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ይሰቀል፣ እሳት የያዘ ማሽን ጎን ሄዶ ማጥፊያ የሚያወርድ የለምና። ውኃ አይድፉበት፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ለሥራ ከማዋልዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝተው፣ ከጀርባው የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ያላለፈ መሆኑን አይተው፣ ለጀነሬተሩ በሚቀርበው የሱቁ ክፍል ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ያስቀምጡት። ነፋስ ጸጥ ባለበት ምሽት፣ ሱቁን ሁልጊዜ በሚሠሩበት አኳኋን በሩን ከፍተው ወይም ዘግተው፣ ጀነሬተሩን ሙሉ ሸክም አስይዘው አንድ ሰዓት ያሠሩት። ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ከሆነ ከዜሮ ፈቅ ማለት የለበትም። ከፍ ካለ ማሽኑን ያዛውሩ ወይም የማርሚታውን አቅጣጫ ይለውጡና እንደገና ይለኩ፤ በዚያው ሰዓት የጎረቤትዎ መስኮት ላይም ቢለኩ መልካም ነው፣ እርሳቸው መሣሪያ የላቸውም ይሆናል።